ከዓሳ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ

«አጎቴ፣ ደንበኛ ሳይኖረኝ ምን ሥራ ብዬ ላሳይ? ሥራ ካላሳየሁ ደግሞ ማን ደንበኛ ይሆነኛል?»

የእህቴ ልጅ ይህን ያለችኝ ሐዋሳ ነው፤ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሳ እየበላን። ግራፊክ ዲዛይን ተምራ ከጨረሰች ሰባት ወር ሆኗታል። ላፕቶፗን ከፈተችልኝ። ሠላሳ አራት ሎጎ ቆጠርኩ። የቡና ላኪ፣ የሽቶ ፋብሪካ፣ የአየር መንገድ፤ ሁሉም ከራሷ የፈለቁ፣ የትም የሌሉ ድርጅቶች ናቸው።

እኔ የምኖረው ቶሮንቶ ነው። በምሠራበት ስቱዲዮ ጀማሪ ሲቀጠር ናሙና ከሚያዩት አንዱ ነኝ። እዚያም ልጆቹ የሚልኩት ይህንኑ ነው፤ የሌለ ካፌ ሎጎ በነጭ ኩባያ ላይ። ኩባያው ከኢንተርኔት የወረደ ስለሆነ ያንኑ ኩባያ በአንድ ሳምንት ከሦስት ልጆች አይቼዋለሁ። ሎጎው ብዙ ጊዜ ያምራል። ግን ስለ ልጁ ምንም አይነግረኝም። የሌለ ካፌ ባለቤት የለውም። «ይሄ አይነበብም» የሚል አስተናጋጅ የለውም። ልጁ ምን ችግር አይቶ ምን እንደወሰነ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ጀማሪ የምግብ ቤት ባለቤት ለአንድ ሰዓት ለማግኘት ኢሜይል ይጽፋል፣ ቀጠሮ ይለምናል፣ ብዙውን ጊዜም መልስ አያገኝም። ሐዋሳ ግን የዓሳ ቤቱ ባለቤት ራሷ ዓሳውን አቅርባልን አጠገባችን ቆማለች። ልጅቷ ይህን እንደ ሀብት አልቆጠረችውም ነበር። እኔ ደግሞ በጣም ነው የቀናሁት።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሜኑ አነሳሁና እስኪ እዪው አልኳት። ኤ4 ወረቀት፣ በላስቲክ የታሸገ። ዋጋው በተቀየረ ቁጥር ነጭ ፕላስተር እየተለጠፈበት፣ በላዩ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ዓሳ ጉላሽ ላይ ፕላስተሩ ሦስት ድርብ ሆኗል። ባለቤቷን «እትዬ፣ ይሄን ሜኑ እንደ ልምምድ እንደገና ብትሠራው ይፈቅዱላታል?» አልኳቸው። ሳቁና «ምን ከፋኝ፣ ትሥራው» አሉ።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ይዛ መጣች። ከታች የሐይቁ ፎቶ፣ ከላይ ጌጠኛ ፊደል። ያምራል። ዋጋዎቹ ግን አሁንም እዚያው ላይ ታትመዋል። «በሚቀጥለው ወር ዋጋ ሲጨምር ምን ያደርጋሉ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ፕላስተሩን አስታወሰች። የሜኑው ችግር ውበት አልነበረም፤ ዋጋው ከምግቡ ስም ቀድሞ ያረጃል። ስለዚህ ስሞቹን አሽጋ፣ በቀኝ በኩል ለዋጋ ብቻ ሁለት ጣት የምታህል ክፍት ኪስ ተወች። ዋጋው በቀጭን ወረቀት ታትሞ ይገባል። ሲለወጥ ያችን ወረቀት ብቻ መቀየር ነው። ከሠላሳ አራቱ ሎጎዎች ይህች ኪስ ትበልጥብኛለች።

ከዚያ ማተሚያ ቤት ሄዳ አንድ ቅጂ አሳተመች። ማተም የግድ ነው፤ ስክሪን የማያሳየው ጉድ የሚታየው ወረቀት ላይ ነውና። እሷም ሁለት ነገር ገጠማት። ስክሪኑ ላይ ያበራ የነበረው የሐይቁ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ደብዛዛ ሆኖ ወጣ። ፋይሉን የሠራችው በ RGB ነበር፤ ይህ የስክሪን ብርሃን ቀለም ነው። ማተሚያ በ CMYK ነው የሚሠራው፤ በአራት ቀለም ድብልቅ። ደማቅ ሰማያዊ ደግሞ በዚህ ድብልቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከመጀመሪያው በ CMYK ቢሠራ ኖሮ ገና በስክሪኑ ላይ ይታያት ነበር።

ሁለተኛው የፊደሉ ነው፤ እኔ በጣም የምጨነቅበትም እሱ ነው። ርዕሶቹን በ Abyssinica SIL ጽፋ ቦልድ አድርጋቸዋለች። ይህ ፊደል ግን የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ሲባል ፕሮግራሙ ዝም ብሎ መስመሩን ያደልበዋል። ማታ አንዷን አስተናጋጅ አምፖሉ ሥር ሜኑውን እንድታነብልን ጠየቅናት። «ዓሳ ኮተሊት» ብላ አነበበችና ራሷ ሳቀች። የ«ሌ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት በቀለም ተደፍና «ሊ» መስላለች። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ርዕስን ከዝርዝር የምንለየው በመጠንና በውፍረት ነው። ስለዚህ ውፍረቱ ታስቦበት የተሠራ ፊደል ያስፈልጋል። Noto Sans Ethiopic ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ዘጠኝ ውፍረት አለው፤ በነፃም ይገኛል። ወደሱ ቀየረች። የዝርዝሩን መጠንም ከ9 ነጥብ ወደ 13 አሳደገች፤ ፊደላችን ጥቅጥቅ ያለ ነውና በ9 ነጥብ ለምሽት ብርሃን አይሆንም። በሦስተኛው ቅጂ አስተናጋጇ ሳትደናቀፍ አነበበችው።

ይህ ሁሉ ነው ናሙና የሚሆነው። የመጨረሻው ፋይል ብቻ አይበቃም። በሁለት ገጽ እንድታስቀምጠው ነገርኳት። በመጀመሪያው ገጽ ፕላስተር የተለጠፈበት የድሮው ሜኑ ፎቶና ችግሩን የሚናገሩ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች። በሁለተኛው የተደፈነው «ሌ» ከተስተካከለው ጎን ለጎን፣ ከዚያ አዲሱ ሜኑ በአስተናጋጇ እጅ ተይዞ። ፊቷ እንዳይታይ አድርገን በስልክ ነው ያነሳነው። ከኢንተርኔት በወረደ ኩባያ ላይ ከተለጠፈ ሎጎ በብዙ ይሻላል፤ ጣትና ጠረጴዛ ይታይበታል።

ከሥሩ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን ተከራከርን። እሷ «ደንበኛ» ብላ ልትጽፍ ፈለገች። አይሆንም አልኳት። ቶሮንቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስናይ አንዳንዴ ስልክ እንደውላለን፤ ባለቤቱ «እኔ አላሠራሁም» ካለ ልጁ አለቀለት። «በራሴ ተነሳሽነት፣ በባለቤቷ ፈቃድ የሠራሁት ናሙና» ብላ ጻፈች። በዚህ ማንም አያሳንሳትም።

ሌላም ድንበር አለ። እኔ ባለሁበት በኦንታሪዮ የግራፊክ ዲዛይነሮች ማኅበር አንድን ነገር አጥብቆ ይቃወማል። ድርጅት «ሠርታችሁ አምጡ፣ ከወደድኩት እከፍላለሁ» ሲል ነው። የእኛው አገር «ትንሽ ነገር ናት፣ ሥሪልኝ» ደግሞ መልኩ በፍቅር ነው እንጂ ውጤቱ ያው ነው። የእሷ ሥራ ከሁለቱም ይለያል፤ ርዕሱን የመረጠችው ራሷ ናት፣ ፋይሉም የእሷ ነው። ለፈተና ያስቀመጠችውን ቅጂ መልሳ ወሰደች። እትዬ ሊጠቀሙበት ከፈለጉ ያኔ ስለ ዋጋ ይነጋገራሉ። ይህን ገና ስትጀምር ነግራቸዋለች። ነገሩን ቀላል ያደረገውም ይሄ ነው።

ሠላሳ አራቱን ሎጎ ምን ላድርጋቸው አለችኝ። አንዱንም አትላኪ አልኳት። እንዲህ ያለ ሦስት ወይም አራት ይበቃል። እኛ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሥራ ላይ ሐሳባችንን ጨርሰናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደካማ ሥራ የጥሩውን ዋጋ ይቀንሳል። አንድ ፒዲኤፍ አድርጋ፣ በቴሌግራም ስትልክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቃል፤ ለፍታ ያስተካከለችው ቀለበት እንደገና ይደፈናል።

እኔ ስመለስ ሁለተኛውን ጀምራ ነበር። ሰፈሯ ያለ መድኃኒት ቤት ኪኒኑን በትንሽ ፖስታ አድርጎ «በቀን ሦስት ጊዜ» የሚለውን በእጅ ይጽፋል። ባለቤቱን አስፈቅዳ ሃያ ባዶ ፖስታ ወስዳለች። የመጀመሪያ ሥራዋም የሰፈሯን አሮጊቶች የትኛውን የእጅ ጽሕፈት ማንበብ እንዳቃታቸው መጠየቅ ነው።