ለቁስሉ ከፍሎ ለማገላበጡ የማይከፍል መድህን

«መድህኑ የሆስፒታሉን ከከፈለ እናቴን ቤት የምታስታምመውን ልጅ ደሞዝ ለምን አይከፍልም?» ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ያለች ጎረቤቴ ናት የጠየቀችኝ።

የጤና መድህን የሚከፍለው ለህክምና ነው፣ ማለትም ባለሙያ ለሚሰራውና ጀምሮ ለሚያልቅ ነገር። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ዳይፐር መቀየር ግን ለነሱ ማስታመም ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ደግሞ አስር አመትም ሊታመም ይችላል፣ ሂሳቡ የት እንደሚቆም አይታወቅም፣ አንዴ እከፍላለሁ ቢባል ደግሞ እስከዛሬ ልጅ ወይ ምራት በነጻ ስታስታምም የኖረችበት ቤት ሁሉ ይጠይቃል፣ በየቤቱ እየገባ የሚያጣራም የለም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የአንድ ቤተሰብ የአመት መዋጮ እኮ የአንዲት አስታማሚን የወር ደሞዝ እንኳ አይሞላም። ጀርመን በ1995፣ ጃፓን በ2000 (በነሱ አቆጣጠር) ለዚህ ሲሉ ለብቻው መዋጮ የሚሰበሰብለት ሌላ መድህን አቋቁመዋል።

እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ፣ ደሞዙን አልጠይቅም። የኔ ጥያቄ መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ላይ ነው።

የጎረቤቴ እናት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው ሰንፎ ከሆስፒታል ሲወጡ «አገላብጧቸው» ተባለ፣ በቃ። በስንት ሰአት፣ እንዴት አድርጎ፣ ማንም አላሳያትም። እሷም ጠዋት፣ ቀንና ማታ ታገላብጣቸው ነበር፣ መገላበጥ የነበረባቸው ግን በየሁለት ሰአቱ ነው፣ ሌሊትም ጭምር። በሶስተኛው ሳምንት ከጭራ አጥንታቸው በላይ ያለው ቆዳ ተለወጠ። ቁስል ሊጀምር ሲል ቆዳው ይቀላል ይባላል፣ እኛ ጥቁሮች ላይ ግን መቅላቱ ብዙም አይታይም፣ ከዙሪያው ጠቆር ይላል፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ ይሞቃል ወይ ጠንከር ይላል። እሷ ላብ መስሏት ቫዝሊን ቀብታ አሸችው፣ ማሸት ደግሞ የተጎዳውን ቆዳ የባሰ ይጎዳዋል። ሲከፈት ስጋው ድረስ ገብቶ ነበር፣ ተመልሰው ሆስፒታል ተኙ፣ አልጋውንም አንቲባዮቲኩንም ፋሻውንም መድህኑ ሳያንገራግር ከፈለ።

እንግዲህ ማገላበጥ ማስታመም ነው እንበል፣ ማስተማሩና ቆዳውን ማየቱ ግን የነርስ ስራ ነው። በሽተኛው ከመውጣቱ በፊት ነርሷ አሳይታ አስታማሚዋ ራሷ ስታገላብጥ ብታያት፣ ከዛ በመጀመሪያው ወር በሳምንት አንድ ጊዜ ቤት ሄዳ ጀርባና ተረከዝ ብታይ፣ ሲጠጡ ያስላቸው እንደሆነ ብታጣራ፣ ደም ግፊታቸውን ብትለካ፣ ይሄ ማለቂያው የሚታወቅ፣ ካርድ ላይ የሚጻፍ ስራ ነው። የሚሰራው ቤት ስለሆነ ብቻ ከማጠብና ከማጉረስ ጋር አብሮ መውደቅ የለበትም። መድህኑ ለአራት ጉብኝት ይክፈል።

ጎረቤቴ አሁን ስልኳን በየሁለት ሰአቱ አላርም ሞልታለች። እናትየው በጎን ዘንበል ብለው ከጀርባቸው የታጠፈ ጋቢ ተደርጎላቸው ይተኛሉ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ደግሞ ባታቸው ስር ትራስ አለ። ይሄንን ያሳየቻት ሁለተኛው ጊዜ ሲተኙ የነበረችው ነርስ ናት፣ አስር ደቂቃ አልፈጀባትም።