አንዲት ወረንጦ ተረፈች

ሺፍቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሣጥኔ ውስጥ አንዲት ወረንጦ ተረፈች። እዚህ ሜሪላንድ፣ የሕክምና ዕቃ የሚታሸግበት ዌርሃውስ ውስጥ ነበር የምሠራው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ የቁስል ማጠቢያ ኪት አዘጋጃለሁ። አንድ ጥንድ ጓንት፣ አራት ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ወረንጦ፣ ከታች የሚነጠፍ ወረቀት። ትሪ ላይ እደረድራለሁ፣ ከረጢት ውስጥ እከታለሁ፣ ቀጣዩን አነሳለሁ። አንዱ ኪት አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ምሳና ብሬክ ሲቀነስ ዘጠኝ ሰዓት ይቀራል፤ በአንድ ሌሊት 360 ኪት ማለት ነው።

ለ360 ኪት 360 ወረንጦ ተቆጥሮ ተሰጥቶኛል። አንዷ ከተረፈች አንዱ ኪት ያለ ወረንጦ ታሽጓል። የትኛው?

ሱፐርቫይዘሩ ሳይቆጣ (ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር) አንድ ልጅ ጨመረልኝና ከመጀመሪያው ከረጢት ጀምረን እንፈትሽ ጀመር። ጎደሎው የተገኘው 331ኛው ላይ ነው። ለሁለት ሆነን 55 ደቂቃ ፈጀብን። ከኋላ ጀምረን ቢሆን ኖሮ 30ኛው ላይ እናገኘው ነበር። በስንት ሰዓት እንደተሠራ ሳሰላው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያለፈ ነው። ያኔ የሠራኋቸውን ኪቶች አንዱንም አላስታውስም። እጄ ይሠራ ነበር፣ እኔ አልነበርኩም።

አውቶቡስ ውስጥ አክስቴ ትዝ አለችኝ። አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ቡና ለቅማለች። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስላት አይ ነበር። ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ እየለዩ ይጥላሉ። ለውጭ ገበያ የሚሄድ ቡና ደረጃ የሚወጣለት ከ300 ግራም ናሙና ላይ የተበላሸው ፍሬ ተቆጥሮ ነው። ወደ 2000 ፍሬ ነው ያ። ከዚያ መሀል ጥቂት ፍሬዎች ደረጃውን ያወርዱታል። አለቃው እየዞረ ከጆንያው አንድ እፍኝ ያወጣል፤ ካልጣመው ጆንያው ይገለበጣል፣ ለቃሚዋም እንደገና ትለቅማለች። የሚከፈላት በጆንያ ስለሆነ ያ ድካም በነፃ ነው።

አክስቴ ጠዋት ሰፌዷን ሞልታ ትጀምራለች። ከሰዓት በኋላ ግን ግማሽ ብቻ ነበር የምታደርገው፣ ማታ አካባቢ ደግሞ እፍኝ እፍኝ። ሰልችቷት ይመስለኝ ነበር። ስታብራራ ሰምቻት አላውቅም። ለቅማ ስትጨርስም ሰፌዱን ገልብጣ ነው ጎረቤቷ ፊት የምታደርገው፤ የጎረቤቷንም እሷ ታያለች። ወሬው ግን አይቋረጥም።

እዚህ ወሬ የለም። ሁሉም ጆሮው ላይ የየራሱን ሰክቶ ነው የሚሠራው። ፍተሻም አለ፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ካለቀ፣ ሰውየውም ካለቀ በኋላ። ስክሪኑ ላይ ፍጥነታችን ይታያል፣ ስሕተታችን አይታይም። ይሄ ነገር አሁንም ያናድደኛል።

በዚያ ሰሞን ነገሩን ሳነብ የእንግሊዙን ተመራማሪ የኖርማን ማክዎርዝን ሙከራ አገኘሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራዳር የሚጠብቁ ሰዎች ለምን እንደሚያመልጣቸው ሊያውቅ ፈልጎ፣ ሰዎችን አንድ የሰዓት ቆጣሪ የመሰለ ነገር ፊት ለሁለት ሰዓት አስቀመጣቸው። ጠቋሚው አልፎ አልፎ እጥፍ ይዘላል፤ ያንን ማየት ነው ሥራቸው። በ1948 እንዳተመው፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያመልጣቸው ጨመረ። ግማሽ ሰዓት እየሠሩ ግማሽ ሰዓት ያረፉት ላይ ግን አልጨመረም። በአውሮፓ አየር ማረፊያዎች ሻንጣ በራጅ የሚያይ ሠራተኛ በመደበኛ ሁኔታ ከ20 ደቂቃ በላይ በተከታታይ ስክሪን ላይ እንዳይቆይ ሕጉ የሚያዘውም ለዚሁ ነው። እኛን ማን 20 ደቂቃ ያሳርፈናል! ማሳረፉ ካልተቻለ ግን ሥራውን መከፋፈል ይቻላል።

ሱፐርቫይዘሩን ዕቃውን በአንዴ እንዳይሰጠኝ ለመንኩት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ለ60 ኪት የሚሆን እቀበላለሁ፤ ሁለት ጊዜ። በመሀሉ ሦስት ሰዓት ለ40 ኪት፤ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዓታት ለ20 ኪት፤ ስድስት ጊዜ። እያንዳንዱ ሲያልቅ ሣጥኑ ባዶ መሆን አለበት። አንድ ነገር ከተረፈ ወይም ከጎደለ ስሕተቱ ያለው በዚያው ቡድን ኪቶች ውስጥ ነው፤ በዚያ ሌሊት እንደሆነው 331 ከረጢት አይከፈትም።

መቁጠሩ ብቻውን አይበቃም። አንዱ ኪት ላይ አምስት ጎዝ፣ ሌላው ላይ ሦስት ካደረግሁ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፣ ሁለቱም ግን ስሕተት ናቸው። ስለዚህ ከየቡድኑ ሁለት ከረጢት እከፍትና ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ እያነበብኩ አያለሁ። ከላይ ወደ ታች ካነበብኩ ዓይኔ የለመደውን ነው የሚያየው፤ ሳያይ «አለ» ይላል። መጀመሪያ ግን ተነስቼ ውኃ እጠጣለሁ። ከወንበሩ ሳልነሳ የፈተሽኩት ቀን ፍተሻው ራሱ እንደ ሥራው ይሆንብኛል፤ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ፣ ምን እንዳየሁ አልናገርም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በየአምስት ደቂቃው መፈተሽ የጀመረ አንድ ባልደረባዬ በሳምንቱ እያነበበ ሳይሆን እየፈረመ ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ሂሳብ ወዳጅ ነው፤ «ስንት ያስከፍለኛል?» አለኝ። አንዱ ፍተሻ ሁለት ደቂቃ፣ 11 ጊዜ፣ 22 ደቂቃ። በሌሊት ወደ 15 ኪት ይቀንሳል። ያ የወረንጦ ሌሊት ደግሞ የሁለት ሰው 55 ደቂቃ፣ ማለትም የ73 ኪት ጊዜ በላ። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሌሊት በአምስት ቀን አንዴ ከደረሰ ልፋቱ ይካካሳል፤ ከዚያ ካነሰ በጊዜ ብቻ ሲታይ ኪሳራ ነው። እሱም ያንን ቶሎ አየው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ፍተሻዎች ወደ ሁለት ቀነስን፤ የመጨረሻዎቹን ስድስቱን አልነካንም። ጎደሎ ኪት ነርሷ ጋ ቢደርስ የሚያመጣው ጣጣ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገባም።

ከዚያ ወዲህ ጎደሎ አልተገኘም አልልም። ሦስት ጊዜ ተገኝቷል፣ ሦስቱም ሌሊቱ ሲገባደድ። አንዱም ከምሳ በኋላ ወዲያው አልነበረም፤ ያ የገረመኝ ነው።

እሑድ ስደውል ለአክስቴ ነገርኳት። ሳቀች። «ሰፌዱን ማሳነስ ለማወቅ አሜሪካ ድረስ ሄድክ?» አለችኝ። ቀጥላም «ለሚመለስባችሁ ይቆርጡባችኋል?» ብላ ጠየቀች። የለም፣ በሰዓት ነው የሚከፈለን አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየች።

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ፣ ልጄ?» አለች።