ዲ ሰቨን ስለገባ ቁልፉ ተቀየረ ማለት አይደለም

«ዘፈኑ በሲ ሜጀር ነው፤ መሃል ላይ ዲ ሰቨን ገባ። ኤፍ ሻርፕ ስላለው ከዚያ ጀምሮ ቁልፉ ጂ ነው።»

የተለመደ ስህተት ነው። ዲ ሰቨን የጂ ዶሚናንት፣ ማለትም ወደ ጂ የሚጎትት ኮርድ ስለሆነ፣ ጂን ለአፍታ ዜማው የሚያርፍበት ቤት ያስመስለዋል። ኤፍ ሻርፕ በግማሽ ድምፅ ወደ ጂ መውጣት ይፈልጋል፤ እዚያው ኮርድ ውስጥ ያለው ሲ ደግሞ ወደ ቢ መውረድ። ውጥረቱ ያለው በነዚህ ሁለት ድምፆች መካከል ነው። ፒያኖ ላይ ሞክሩት፦ ኤፍ ሻርፑን ወደ ኤፍ መልሱት። ዲ ማይነር ሰቨን ይሆናል፤ ጉተታውም ወዲያው ይላላል።

ቁልፉ መቀየሩ የሚታወቀው ቀጥሎ በሚመጣው ነው። ጂ ላይ ኤፍ ተጨምሮ ጂ ሰቨን ከሆነና ወደ ሲ ከተመለሰ፣ ቤቱ ያው ሲ ነው። ዜማው ጂ ላይ ተደላድሎ ከቆየ፣ ኤፍ ሻርፕም እየተደጋገመ ከመጣ ግን ተቀይሯል ቢባል ያስኬዳል።