በቆመ ምስል ፊደል አይነበብም
«ኮምፒውተር የምልክት ቋንቋን ከቪዲዮ አንብቦ ቢጽፍልን ምን ይጎድላል?»

እንቅስቃሴው ይጎድላል። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ስም በጣት ፊደል ሲጻፍ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው አናባቢውን ይነግረናል። የ«ሰ» እና የ«ሱ» የእጅ ቅርጽ አንድ ነው፤ የሚለያቸው የእጁ አካሄድ ነው። አስተርጓሚዋ በቴሌቪዥኑ ጥግ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ከሆነች፣ ያ አጭር እንቅስቃሴ ደብዝዞ ያልፋል። ኮምፒውተሩ ግን አንዱን ፊደል መርጦ በድፍረት ይጽፋል፤ የሰው ስም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲገልጹ «እጇን ታወናጭፋለች» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ይህ ያናድደኛል። «አንዲት ሴት በምልክት ቋንቋ ትናገራለች፤ የተናገረችው አልተተረጎመም» ቢባል እውነት ነው። የየትኛው አገር ምልክት ቋንቋ እንደሆነ ያላወቀም አይገምት፤ ቋንቋውን የሚናገር መስማት የተሳነው ሰው አይቶ ይንገረው።