እያዩ መገልበጥ ማጥናት አይደለም

«ሐዋሳ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የካልኩለስ መፍትሔን እያዩ ደጋግሞ መገልበጥ በቃል ያስይዛል ይባላል፤ እውነት ነው?»

እኅቴ፣ ይህ የተለመደ ስሕተት ነው። መፍትሔው ዓይንሽ ሥር እያለ ስትገለብጪ ቀጣዩን መስመር የሚነግርሽ ወረቀቱ ስለሆነ፣ ፈተናው የሚጠይቅሽን ከአእምሮ የማውጣት ሥራ አንድም ጊዜ አልሠራሽም።

∫ x eˣ dx ን እንውሰድ። መልሱ x eˣ − eˣ + C ነው፤ ዋናው ነገር ግን በኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ዘዴ u = x መመረጡ ነው፤ ምክንያቱም x ሲደረቭ 1 ሆኖ ይቀልላል። u = eˣ ብትይ ግን x² ያለበት፣ ከመጀመሪያው የከበደ ኢንተግራል ይመጣብሻል። ስለዚህ በመጀመሪያ ንባብሽ ከየመስመሩ ጎን «ለምን» የሚለውን በራስሽ ቃል ጻፊ፤ ምክንያቱን ያላገኘሽለት መስመር ካለ፣ ከመሸምደድሽ በፊት መምህርሽን ጠይቂ፣ ፈተና ላይ የሚጠፋው እሱ ነውና። ከዚያ መፍትሔውን ዘግተሽ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊው። ስትደናቀፊ ጥቂት ታገዪ፤ ካልመጣልሽ ያንን መስመር ብቻ አይተሽ ዝጊና ከመጀመሪያው ጀምሪ።

በማግሥቱ ሳታዪ ድገሚው፤ መልስሽን ደረቭ ስታደርጊው x eˣ ካልተመለሰልሽ፣ ብዙ ጊዜ የጠፋው የመቀነስ ምልክቱ ነው። በመጨረሻ ∫ x cos x dx ን ሞክሪ፤ x sin x + cos x + C ላይ ካልደረስሽ የያዝሽው የመስመሮቹን ቅርጽ ብቻ ነው።