እጥፍ ነጥብ፣ እጥፍ ጭቅጭቅ

ጳጉሜ ሲገባ የሱፐርማርኬቱ በር ላይ ቢጫ ፖስተር ይሰቀላል። «በበዓል ሳምንት እጥፍ ነጥብ!*» ይላል። ከቃለ አጋኖው ጎን ያለችውን ትንሽ ኮከብ ግን ማንም አያያትም፤ ዲዛይነሩ ፖስተሩን አደይ አበባ በአደይ አበባ ስላደረገው እሷም አንዷ አደይ መስላ ታልፋለች። ኮከቧን ያስተዋለ ሰው ካለ ግርጌው ድረስ ጎንበስ ብሎ የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ ጽሑፍ ያገኛል፦ «ደንብና ግዴታዎች ተፈጻሚ ይሆናሉ»። ደንቡ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ደንቡ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እሱን የጻፈው ልጅ ደግሞ ለበዓሉ ፈቃድ ወጥቷል።

ሂሳቡ ራሱ ቀላል ነው። አብዛኛው የደንበኛ ካርድ በዚህ መልክ ይሠራል እንበል፦ በየ100 ብሩ 1 ነጥብ፣ 1 ነጥብ ደግሞ ሲመነዘር 1 ብር። ይህ በዘወትር ቀን የመቶ አንድ ቅናሽ ነው፤ በበዓል ሳምንት ሲታጠፍ የመቶ ሁለት ይሆናል። የ5,000 ብር ዕቃ የገዛ ሰው በእጥፉ ምክንያት የሚጨምርለት 50 ብር ነው ማለት ነው። ለዚህች 50 ብር ሲል ራይድ ጠርቶ ከተማ የሚያቋርጥ ሰው መኖሩን ሱቁም ያውቃል፤ ፖስተሩም የተሰቀለው ለእሱ ነው።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ሌላ ቦታ ነው። የዋዜማውን ወረፋ እንመልከት። አንዲት እናት ዘይት በ1,600 ብር፣ ስኳር በ400፣ ቅቤ በ1,200፣ ቢራ በ700፣ ሩዝና ማካሮኒ በ550፣ ሳሙናና ሶፍት በ420 ብር ይዘው ካሸሯ ፊት ቆመዋል። ድምሩ 4,870 ብር ነው። እናትየዋ ጋሪውን እየገፉ ገና ድሮ አስበውታል፦ 48 ሲታጠፍ 96፣ ከላይ ያለችውን 70 ብር ካሰቡላቸው ደግሞ 97 ነጥብ። ደረሰኙ ሲወጣ 42 ይላል።

«የኔ ልጅ፣ እጥፍ ብላችሁ አልነበር እንዴ?»

«አዎ እናቴ፣ ታጥፎ ነው።»

«ታጥፎ ነው 42 የሆነው? ሳይታጠፍ ስንት ሊሆን ነበር?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም አለ፤ ካሸሯ ግን አልተነገራትም። ዘይት፣ ስኳርና የአልኮል መጠጥ ነጥብ የላቸውም። ሱቁ ከዘይትና ከስኳር የሚያተርፈው ጥቂት ስለሆነ በእነሱ ላይ መቶ ሁለት መስጠት ከትርፉ ላይ መቁረጥ ነው። እነሱ ሲወጡ 2,700 ብር ይቀነስና 2,170 ይቀራል። 21 መደበኛ ነጥብ፣ 21 የበዓል ነጥብ፣ በድምሩ 42። የበዓል ጋሪ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ በዓል የሚያደርጉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ከነጥቡ ይወጡና ነጥቡ የሚቀረው ቅቤው፣ ሶፍቱና ማካሮኒው ጋ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው ወንበር ላይ ያለው ካሸር ደግሞ ደንቡ ደርሶት «ዘይት፣ ስኳርና የአልኮል መጠጥ እጥፍ የላቸውም» ማለት «መደበኛ ነጥባቸውን ያገኛሉ፣ የበዓሉን ብቻ ያጣሉ» ማለት ነው ብሎ ተረድቷል። በእሱ አባባል መደበኛው 48፣ የበዓሉ 21፣ ድምሩ 69 ነው። አንድ ጋሪ፣ አንድ ፖስተር፣ ሦስት መልስ፦ 97፣ 69፣ 42። ሦስቱም ሰዎች ማንበብ ይችላሉ፤ ችግሩ ደንቡ «የላቸውም» ሲል ምን እንደሌላቸው አለመናገሩ ነው። «ምንም ነጥብ የላቸውም» ቢባል 42 ይሆናል፤ «የበዓል ጭማሪ የላቸውም» ቢባል 69 ይሆናል። በአንዲት ቃል 27 ብር፣ በዚያም ላይ ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ ትዕግሥት።

አራተኛ መልስ የሚያመጣው ሲስተሙ ራሱ ነው። ከመቶ ብር በታች የቀረውን ቁርጥራጭ ጥሎ ከዚያ ማጠፍና አጥፎ ከዚያ ቁርጥራጩን መጣል አንድ አይደሉም። 2,170 ብር መጀመሪያ 21 ሆኖ ሲታጠፍ 42 ነው፤ መጀመሪያ ብሩ ታጥፎ 4,340 ከሆነ ግን 43 ይመጣል። ልዩነቱ 1 ነጥብ ማለትም 1 ብር ነው። ለ1 ብር የሚከራከር ሰው የለም ይባላል፤ ለ1 ነጥብ ግን ሥራ አስኪያጅ ያስጠራል። ስለዚህ መደበኛውና የበዓሉ በደረሰኙ ላይ በሁለት መስመር ለየብቻ ይታተሙ፦ «መደበኛ 21፣ የበዓል 21»። ደንበኛው ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆናቸውን ሲያይ እጥፉን በዓይኑ ስላየው ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ድምር ብቻ ካተማችሁ ግን መደመሩን አይቶ መታጠፉን አያምንም።

ቀኑስ? እዚህ ላይ አገራችን የራሷን ቅመም ትጨምራለች። የዘመቻው ቀን የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሲስተሙ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ጳጉሜ 1 ቀን 2018 ሴፕቴምበር 6 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2019 ደግሞ ሴፕቴምበር 11። ቀኑን የሚሞላው ልጅ ይህን ጽፎ ይገላገላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ይገለብጣል። 2019 ግን የሉቃስ ዘመን ስለሆነ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የተገለበጠው ዘመቻ ጳጉሜ 6 ሌሊት ሲያበቃ በዓሉ ገና ሊነጋ ነው። ፖስተሩ «እስከ መስከረም 1» ይላል፣ ሲስተሙ ደግሞ በበዓሉ ጧት ነጠላ ይሰጣል። ይህ ስህተት በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ስለሚመጣ ባለፈው የተሳሳተው ሰው ሥራ ቀይሮ ይቆያል።

ሰዓቱ ይብሳል። «እስከ 12፡00 ሰዓት» ብሎ የጻፈው ሰው እኩለ ሌሊትን አስቦ ነው፤ ያነበበው ደንበኛ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል ብሎ እየሮጠ ይመጣል። «እስከ 6 ሰዓት» ቢባል ደግሞ ግማሹ ቀትር ነው ብሎ ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት አለመጻፍ ነው፤ «መስከረም 1 ሱቁ እስኪዘጋ» ማለት። ይህ የሚሠራው ግን ሲስተሙ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ሱቁ ከዚያ በፊት እንደሚዘጋ ሲያረጋግጥ ነው።

ሌላው የተለመደ አለመግባባት የቆየውን ነጥብ የሚመለከት ነው። ዓመቱን ሙሉ 300 ነጥብ ያጠራቀመ ሰው «እጥፍ» ሲባል 600 ሆነልኝ ብሎ ይመጣል። የሚታጠፈው የሚገኘው ነጥብ እንጂ ያለው ነጥብ አይደለም። ይህን ለማስረዳት አንቀጽ አያስፈልግም፤ «እጥፍ ነጥብ» የሚለውን ትቶ «በ100 ብር 1 የነበረው አሁን 2» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። በዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ የቆየ ነጥብ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ካርድ የሌለው ደንበኛ ጉዳይ ደግሞ ማኅበራዊ ኑሯችንን ያሳያል። ካሸሯ «ካርድ አለዎት?» ስትል «የለኝም» የሚል ሰው ከተገኘ ከኋላው ያለው ፈጥኖ «በእኔ ይግባ» ይላል፤ ስልክ ቁጥሩን ሳይጠየቅ ይጠራል። ዓመቱን ሙሉ ሰላም ያልተባባሉ ጎረቤታሞች ለ21 ነጥብ ሲሉ ይዛመዳሉ። ይህ እንኳ ምንም አይደለም። የሚከብደው ካርድ በሌለው ሁሉ ላይ የራሱን ወይም የእህቱን ቁጥር የሚያስገባ ካሸር ሲኖር ነው። ይህ የሚታወቀው አንድ ቁጥር በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ ደጋግሞ ሲመጣ ነው፤ አንድ ቤተሰብ በቀን ሠላሳ ጊዜ ሩዝ አይገዛም። መድኃኒቱ በካርድ የቀን ጣሪያ ማበጀትና የቁጥሩን መጨረሻ አራት አኃዝ ደረሰኝ ላይ ማተም ነው። ደንበኛው የማያውቀውን ቁጥር ሲያይ ራሱ ይጠይቃል። ጣሪያ ካለ ግን ጣሪያው ፖስተሩ ላይ ይጻፍ፤ ካሸሩ ፊት ሲደርሱ የሚሰማ ጣሪያ ራስ ይገጫል።

ይህን ሁሉ ይዘን ፖስተሩን እንደገና ብንጽፈው እንዲህ ይወጣዋል፦

ከጳጉሜ 1 እስከ መስከረም 1፣ ሱቁ እስኪዘጋ
በ100 ብር 1 ነጥብ የነበረው አሁን 2
ዘይት፣ ስኳርና የአልኮል መጠጥ ምንም ነጥብ የላቸውም
ከመክፈልዎ በፊት ካርድዎን ወይም ስልክዎን ይናገሩ
የበዓሉ ነጥብ ከመስከረም 8 ጀምሮ ይመነዘራል፤ 1 ነጥብ 1 ብር

አምስት መስመር ነው፤ ኮከብ የለውም። መጨረሻው መስመር የተጨመረው በከንቱ አይደለም። ሱቆች የበዓሉን ጭማሪ ለሳምንት ያህል የሚያዘገዩት ዕቃ ገዝቶ፣ ነጥቡን መንዝሮ፣ በማግስቱ ዕቃውን የሚመልስ ብልጥ ስላለ ነው። ይህ ሳይነገር ሲቀር ግን ነጥቡን እዚያው ሊመነዝር የመጣው ደንበኛ «በልታችሁታል» ብሎ ይደመድማል።

አምስቱም መስመር ቢሆን በር ላይ ብቻ ከቀረ አይበቃም። በሩ ጋ የተነበበ ነገር ዘይት መደርደሪያው ጋ እስኪደረስ ይረሳል። ነጥብ በሌለው ዕቃ የዋጋ ወረቀት ላይ ቀይ ክብ ይለጠፍ፤ እናትየዋ ጋሪያቸውን ከመሙላታቸው በፊት ሂሳባቸውን ያስተካክላሉ። ካሸሮች ሁሉ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይያዙ፦ «ቀይ ያለበት አይቆጠርም፣ ሌላው በ100 ብር 2 ነው።» ከዚህ የረዘመ መልስ ወረፋ ላይ አይሰማም።

ፖስተሩን የሚያወርደው ሰው ስሙ ዛሬውኑ ይጻፍ። መስከረም 1 ማታ ካልወረደ መስከረም 2 ጧት፣ ለበዓሉ ሩቅ አገር ሄዶ የነበረው አባወራ ፎቶ አንስቶት ይገባል፤ ካሸሯም ያን ቀን ስለ ነጥብ እንጂ ስለ ዕቃ አትነጋገርም።