የእድራችን አመራር አመራረጥ፦ ማስተካከያ

«ሰብሳቢውን እኛ ካልመረጥን፣ እኛ ነባሮቹ ገለል ተደረግን ማለት ነው?»

አይደለም። ጥፋቱ የእኔ የጸሐፊው ነው። ባለፈው ማስታወቂያ «ከእንግዲህ ሰብሳቢው በጠቅላላ ጉባኤ አይመረጥም» ብዬ ግማሹን ነገር ትቼዋለሁ።

በተሻሻለው መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ጉባኤው ሰባት የኮሚቴ አባላትን በምስጢር ድምፅ ይመርጣል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚሆኑትን ደግሞ ሰባቱ ከመካከላቸው ይመርጣሉ። ድሮ ለእያንዳንዱ ቦታ እጅ እናወጣ ነበር። ጎረቤት ፊት ለፊት እያየ እጅ አለማውጣት እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

አሥራ አንድ ዕጩ ቀረበ እንበል። በወረቀቱ ላይ እስከ ሰባት ስም ትጽፋላችሁ። ስምንት ከጻፋችሁ ወረቀቱ ውድቅ ነው። ብዙ ድምፅ ያገኙት ሰባቱ ይገባሉ፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ተጠባባቂ ይሆናሉ። አንደኛ የወጣው ግን ወዲያው ሰብሳቢ ሆነ ማለት አይደለም። ሒሳብ የሚችል ከሆነ ገንዘብ ያዥ ሊያደርጉት ይችላሉ። ብዙ ሰው የተደናገረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው አንድ ሰው በኮሚቴው ከሁለት ዙር በላይ እንዳያገለግል የሚለው ገደብ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ደንቡ ከጸደቀበት ቀን ነው። ያለፈ አገልግሎት አይቆጠርም። ስለዚህ ለዓመታት ድንኳኑንና ወንበሩን ሲጠብቁ የኖሩት አባቶች ዘንድሮም መወዳደር ይችላሉ። ባለቤታቸው ያረፉባቸው እናቶችም እንደ በፊቱ የቤቱን ድምፅ ራሳቸው ይሰጣሉ።

ኮሚቴው የመረጠው ሰብሳቢ ካልጣማችሁስ? ከአባላት አንድ ሦስተኛው ከፈረመ አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል። የማውረዱ ሥልጣን ያው የጉባኤው ነው።